ውጤት ተኮር የሲቪ ማጠቃለያ ምንድን ነው?

ሲቪ ላይ ከስምና ከስልክ ቁጥር ቀጥላ የምትመጣ ሦስት አራት መስመር አለች። ፕሮፌሽናል ሰመሪ ይሏታል፤ እኛ የሙያ ማጠቃለያ እንበላት። ጠረጴዛው ላይ ሲቪ የተከመረበት ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ በወጣ ሰሞን ኮምፒውተር ቤት ጎራ በሉ። ጸሐፊዋ የቆየ ፋይል ትከፍታለች፣ የድሮውን ስም ታጠፋለች፣ የአዲሱን ሰው ታስገባለች። ማጠቃለያውን ግን ማንም አይነካውም። ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛውም፣ ስቶር ኪፐሩም፣ ነርሷም አንድ ዓይነት ሆነው ይወጣሉ፦ ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ የሥራ ጫናን የሚቋቋም። ትንሽ የተጨነቀበት ሰው ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ያወጣና እዚያ ላይ የሰፈረውን ተግባርና ኃላፊነት እንዳለ ይገለብጣል።

ይሄኛው ከመጀመሪያው ይሻላል። ችግሩ፣ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ መደቡ የሚናገር መሆኑ ነው። በዚያ መደብ ላይ ማንም ቢቀመጥ ዝርዝሩ ያው ነው፤ ሲያረፍድ የሚውለውም፣ ሥራውን ቀጥ አድርጎ የያዘውም እኩል "የመቀበል፣ የመመዝገብና ሪፖርት የማድረግ ኃላፊነት" ነበረባቸው። ውጤት ተኮር ማጠቃለያ የሚባለው፣ በእናንተ እጅ ምን እንደተለወጠ የሚናገረው ነው። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ማጠቃለያችሁን አንሱና የባልደረባችሁን ስም ጻፉበት። አሁንም እውነት ከሆነ የሥራ ዝርዝር ነው የጻፋችሁት።

አንድ ሰው እናስብ። ምሳሌ ናት፤ ቁጥሮቹም የምሳሌ ናቸው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ በአንድ የወተት አምራቾች ማኅበር መቀበያ ማዕከል ትሠራለች። ወተቱ ተሰብስቦ በመኪና አዲስ አበባ ወዳለ ፋብሪካ ይሄዳል። አሁን ለጥራት ተቆጣጣሪነት ልታመለክት ነው። ሲቪዋ ላይ እንዲህ ይላል፦

"በወተት መቀበያ ማዕከል ከ3 ዓመት በላይ የሥራ ልምድ ያላት። ወተት የመቀበል፣ ጥራት የመፈተሽ፣ መዝገብ የመያዝና ለኃላፊ ሪፖርት የማቅረብ ኃላፊነት ያለባት። ታታሪና በቡድን መሥራት የምትችል።"

ውሸት የለበትም፤ "ከ3 ዓመት በላይ" የምትለዋን ግን በኋላ እናያታለን። ይህን ለመቀየር የተሻለ ቃል ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ጥያቄ ነው የሚያስፈልገው። ጓደኛዋ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትጠይቃት፦

"አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ወተቱ እንዴት ነበር የሚፈተሸው?"

"ሁሉም ትልቁ ታንከር ውስጥ ከተደባለቀ በኋላ ነበራ። የአንዱ ከተበላሸ የሁሉም ይበላሻል።"

"አሁንስ?"

"አሁን እያንዳንዱ ሰው ያመጣውን ለየብቻ ነው የማየው። በላክቶሜትር ውሃ መግባቱን አያለሁ፣ በአልኮል ደግሞ መኮምጠጥ መጀመሩን። ያላለፈውን አልቀላቅልም።"

"ይህን ማን ነው ያመጣው?"

"እኔ ነኝ ለኃላፊው የነገርኩት። መጀመሪያ ሰልፉ ይረዝማል ብሎ እምቢ ብሎኝ ነበር።"

ይኸው። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ "ጥራት መፈተሽ" ተብሎ በሁለት ቃል ያለፈው ነገር ውስጥ ይህ ሁሉ ነበር። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ምን ተለወጠ?

መልሱ ያለው መዝገቡ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማዕከሉ በቀን በአማካይ 600 ሊትር ይልክ ነበር፤ ከፋብሪካ የሚመለሰው 30 ሊትር ነበር። በየሰው መፈተሽ የጀመረችው በ2016 መስከረም ነው። በዚያ ዓመት አማካዩ 700 ሊትር ሆነ፤ የሚመለሰው ግን 14 ሊትር። ከ100 ሊትር 5 ይመለስ የነበረው 2 ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን ሳይሆን የሚያነጻጽረውን ጊዜ ነው። የወተት ገበያ ከጾም ጋር ይወጣል ይወርዳል። ሁዳዴ ሲገባ ፈላጊው ይቀንሳል፣ ተረካቢውም ይቀንሳል፣ ወተቱ ያድራል፣ ተመላሹ ይበዛል። የሁዳዴን ወር ወስዳ ከግንቦት ጋር ብታነጻጽር ቁጥሩ ያማረ ይሆንላታል፤ ነገር ግን ያማረው በእሷ ሥራ ሳይሆን በፋሲካ ነው። ወርን ከዚያው ወር ጋር ማነጻጸርም አያድናትም። ሁዳዴ በ2015 የገባው የካቲት 13 ነበር፤ በ2016 ግን መጋቢት 2። ስለዚህ ያንደኛው ዓመት የካቲት ከግማሽ በላይ ሁዳዴ ሲሆን የሌላው ሙሉ በሙሉ ከሁዳዴ በፊት ነው። ሙሉ ዓመትን ከሙሉ ዓመት፣ ወይም ሁዳዴን ከሁዳዴ ስታደርገው ሂሳቡ ይስተካከላል። በሌላም ሙያ እንዲሁ ነው፦ የሱቅ ሽያጭ የዓውደ ዓመት ሳምንት አለው፣ ትምህርት ቤት የፈተና ሰሞን አለው።

ሁለተኛው ነገር የማን ሥራ ነው የሚለው ነው። በዚያው በ2016 ጥር ላይ ማኅበሩ ለአባላቱ የአሉሚኒየም የወተት ዕቃ በዱቤ አከፋፍሏል። የፕላስቲክ ጀሪካን አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ ገብቶ አያጥበውም፣ ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ወተት የነገውን ያበላሻል። ስለዚህ ተመላሹ የቀነሰው በፍተሻው ብቻ አይደለም፤ በዕቃውም ነው። ይህን ብትደብቅ፣ ወተት የሚያውቅ ጠያቂ በሁለተኛው ጥያቄ ይደርስባታል። ብትጽፈው ደግሞ ምንም አይጎድልባትም። እንዲያውም ነገሩን ከሥሩ የምታውቅ መሆኗ ይታያል።

ሦስተኛው የፐርሰንት ነገር ነው። ከ5 ወደ 2 መውረድ "60 በመቶ ቀነሰ" ተብሎ ቢጻፍ ትክክል ነው፤ ግን 60 በመቶ ብቻውን ሲቆም አንባቢው ከምን ተነስቶ እንደሆነ አያውቅም። ከ5 ሊትር ነው ወይስ ከ500? ሁለቱን ጫፍ መጻፍ ይሻላል፦ ከዚህ ወደዚህ። "100 በመቶ" የሚል ሲቪ ካለ ደግሞ እኔ ጠያቂ ብሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

አሁን እንደገና ትጻፍ፦

"በወተት ጥራት ቁጥጥር የ2 ዓመት ከ9 ወር ልምድ ያላት። በቀን በአማካይ 700 ሊትር በሚላክበት ማዕከል እያንዳንዱ አቅራቢ ያመጣው ወተት ሳይደባለቅ ለየብቻ እንዲፈተሽ አስጀምራለች፤ ማኅበሩ ካከፋፈለው የአሉሚኒየም ዕቃ ጋር ተዳምሮ ከፋብሪካ የሚመለሰው ወተት በአንድ ዓመት ከ100 ሊትር 5 ወደ 2 ወርዷል። በላክቶሜትርና በአልኮል ፍተሻ እንዲሁም በዕለታዊ የጥራት መዝገብ አያያዝ ልምድ አላት።"

የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ማን እንደሆነች ትናገራለች፣ መሐለኛዋ ምን እንዳመጣች፣ የመጨረሻዋ ደግሞ ማስታወቂያው የጠየቀውን ሙያ በማስታወቂያው ቃል ታነሳለች። ታታሪነቷ ቀርቷል፤ ኃላፊው እምቢ ካለ በኋላ አስጀምራ ከሆነ ማን ታታሪነቷን ይጠይቃል? የመቀበልና የመመዝገብ ሥራዋ አልተሰረዘም፤ ወደ ታች፣ ወደ ሥራ ልምድ ክፍሉ ወርዷል። ቦታው እዚያ ነው።

"ከ3 ዓመት በላይ" ደግሞ 2 ዓመት ከ9 ወር ሆኗል፤ ደብዳቤዋ ላይ ያለው ይኸው ነውና። ሲቪው አንድ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሌላ ሲሉ ያማረው የመሐል መስመር ሁሉ ይጠረጠራል። በነገራችን ላይ ሲቪው በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ከሆነ ዓመቶቹን ወይ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሩ ወይ የኢትዮጵያ መሆኑን ጻፉ። 2016 ላይ ሥራ የለቀቀ ሰው ለውጭ ድርጅት ሰባት ስምንት ዓመት ተጨማሪ ቤት የተቀመጠ ይመስላል።

"ራሴን ማሞገስ ይሆንብኛል" የሚሉ አሉ። ሰላሌም ሂዱ መንዝ፣ ራሱን የሚያወድስ ሰው እንደማይወደድ አውቃለሁ። ግን እዩት፦ "ጎበዝ ነኝ" ውዳሴ ነው፤ "ከ5 ወደ 2 ወረደ" ግን የመዝገብ ወሬ ነው። ይሉኝታ የሚይዘው ሰው እንዲያውም በቁጥር መጻፍ ይቀለዋል።

መዝገብ የሌለው ሥራስ? ጸሐፊ፣ አስተናባሪ፣ ጥበቃ የሆነ ሰው ቀነስኩ ጨመርኩ የሚለው ላይኖረው ይችላል። ያኔ ስፋቱን መጻፍ ይቻላል፦ ስንት ሰው ታስተናግዳለች፣ በስንት ቀን የሚያልቀውን ደብዳቤ በስንት ታደርሳለች፣ በስንት በር ላይ ይሠራል። ግምት ከሆነ "በግምት" ብሎ መጻፍ ነውር የለውም። አዲስ ተመራቂ ደግሞ አፓረንትሺፕ የወጣበትን ቦታ ያስብ፤ እዚያ የሠራት አንዲት ፎርም እንኳን አሁን ድረስ ካገለገለች ከ"ለመማር ዝግጁ" ትበልጣለች። ቁጥር ጠፋ ብሎ መፍጠር ግን አይሆንም። ጠያቂው "እንዴት አደረጋችሁት?" ሲል ሁለት ደቂቃ ሙሉ ማስረዳት የማትችሉትን መስመር ከወዲሁ አውጡት። የቀድሞ መሥሪያ ቤታችሁን የገበያ ምስጢር የሚያወጣ ቁጥርም እንዲሁ፤ በብር ከመጻፍ በድርሻ መጻፍ ያስኬዳል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሲቪውን የሚያነብ ሰው ካለ ነው። የግል ድርጅት፣ ፋብሪካ፣ ኤንጂኦ ላይ ይነበባል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ግን የመጀመሪያው ማጣሪያ የትምህርት ደረጃ፣ አግባብ ያለው ልምድና ማስረጃው ነው፤ ማጠቃለያው ያን ያህል አይታይም። እዚያ የምታመለክቱ ከሆነ ጊዜያችሁን የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁ ላይ የመደቡ መጠሪያ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን በትክክል መጻፉን በማረጋገጥ አጥፉት።