ሳፖርት ወለል አይደለም፦ በወርቅ ቻርት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

(ዓመትና ወር ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ዋጋው የአንድ አውንስ ወርቅ በዶላር ነው።)

«ዋጋው ከ200 ቀኑ ሙቪንግ አቬሬጅ በላይ ከሆነ ወርቅ ገና ይጨምራል ማለት ነው።»

መስመሩ ያለፉት 200 ቀናት የመዝጊያ ዋጋ ተደምሮ ለ200 ሲካፈል የሚገኝ አማካይ ነው። የሚነግርህ ያለፈውን ነው፤ ያውም በአማካይ የ100 ቀን ያህል መዘግየት አለው። በየቀኑ አንድ አዲስ ዋጋ ይገባል፣ ከሁሉም ያረጀው ይወጣል። ዛሬ የገባው 1,600፣ የወጣው ደግሞ 1,400 ከሆነ አማካዩ በአንድ ዶላር ከፍ ይላል፤ ዛሬ ወርቅ ከትናንቱ ወርዶ ቢዘጋም እንኳ። ስለዚህ መስመሩ ወደ ላይ ስላዘነበለ ብቻ ዛሬ ገዢ በዝቷል አይባልም።

«ጎልደን ክሮስ ከታየ ግዛ።»

ጎልደን ክሮስ የሚባለው የ50 ቀኑ አማካይ መስመር የ200 ቀኑን ወደ ላይ ሲያቋርጥ ነው፤ በሴፕቴምበር 2012 ይህ ሆነ። ዋጋው በኦክቶበር መጀመሪያ 1,800 አፋፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጁን መጨረሻ 1,200 አካባቢ ነበር።

«ሳፖርቱ ሦስት ጊዜ ይዟል፤ ስለዚህ ጠንካራ ነው። እዚያ ላይ ያለ ሐሳብ ይገዛል።»

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በዚህኛው ነው፤ በየትሬዲንግ ትምህርቱ እንደ ሕግ ሲሰጥ መስማት ያሳዝናል። ሳፖርት ማለት ገዢዎች ከዚህ በፊት የተገኙበት ዋጋ ነው። ነገም ይገኛሉ የሚል ውል የለም።

1,525ን እንመልከት። ወርቅ በሴፕቴምበር 2011 ከ1,900 በላይ ደርሶ ከወደቀ በኋላ እዚህ አካባቢ ቆመ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጨረሻ እንደገና ነክቶት ተመለሰ፣ በሜይ 2012 ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ። በቻርቱ ላይ ከዚህ የጠራ መስመር ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን በተመለሰ ቁጥር ሁለት ነገር ይሆናል። በዚያ ዋጋ መግዛት የሚፈልገው ሰው ይገዛና ገንዘቡን ይጨርሳል፤ የገዛውም ሁሉ ስቶፕ ሎሱን ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያስቀምጣል። ከላይ የሚጠብቀው ገዢ እየሳሳ፣ ከታች የተኮለኮለው የሽያጭ ትእዛዝ ይበዛል ማለት ነው።

ዓርብ ኤፕሪል 12 ቀን 2013 መስመሩ ተሰበረና ዋጋው 1,480 አካባቢ ዘጋ። ሰኞ ወደ 1,350 ገደማ ወረደ። በሁለት የግብይት ቀን ከ200 ዶላር በላይ ሄደ። ስቶፕ ሎስ ሲነካ «ባለው ዋጋ ሽጥ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል፤ አንዱ ሲሸጥ ዋጋው ወርዶ የሚቀጥለውን ስቶፕ ይነካል። 1,525 ዳግም የታየው በኦገስት 2019 ነው።

እና ምን ይደረግ? ሳፖርትን እንደ አንድ ቁጥር ሳይሆን እንደ ቀጠና ያዘው፤ ለወርቅ የ10 እና የ15 ዶላር ስፋት ብዙ አይደለም። መነካቱን አይተህ አትግዛ፣ የቀኑን መዝጊያ ጠብቅ። ከሁሉ በፊት ግን መጠንህን አስላ። ሒሳብህ ላይ 2,000 ዶላር ካለና በአንድ ግዢ ከ1 በመቶ በላይ ማጣት ካልፈለግህ፣ ልታጣ የምትችለው 20 ዶላር ነው። 1,530 ገዝተህ ስቶፑን 1,510 ካደረግህ ርቀቱ በአውንስ 20 ዶላር ስለሆነ የምትይዘው አንድ አውንስ ብቻ ነው፤ አንድ ሎት 100 አውንስ በሆነበት መድረክ 0.01 ሎት መሆኑ ነው። እንደዚያ ዓርብ ዓይነት ቀን ስቶፑ በ1,510 ሳይሆን በ1,495 ሊፈጸም ይችላል፤ ያኔ ኪሳራው 35 ዶላር ይሆናል።

መዝጊያን መጠበቅም ዋስትና አይደለም። በማርች 2020 ወርቅ ከ200 ቀኑ አማካይ በታች ለጥቂት ቀናት ዘግቶ፣ በአንድ ወር ውስጥ ከ1,700 በላይ ወጣ። ያኔ የተሸጠው ወርቅ ተጠልቶ ሳይሆን፣ አክሲዮን የከሰረባቸው ጥሬ ገንዘብ ስለቸገራቸው ነበር። ያንን ካንድል አይናገርም።

«ሁሉም ዜና ቻርቱ ውስጥ አለ።»

ያለው የታወቀው ዜና ነው። ቆጵሮስ ከወርቅ ክምችቷ ልትሸጥ እንደምትችል የተሰማው ኤፕሪል 10 ቀን 2013፣ መስመሩ ከመሰበሩ ሁለት ቀን በፊት ነው። ከዚያ በፊት የተሰመረ መስመር ይህን አያውቅም።

«የወርቅ ቻርት ላይ ሳፖርት ካየሁ፣ አዲስ አበባ ወርቅ መቼ እንደምገዛ አወቅሁ።»

XAUUSD የሚለካው ወርቅን በዶላር ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በጁላይ 29 ቀን 2024 የባንክ ምንዛሪ በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ሄደ። የዓለም ዋጋ ሳይነቃነቅ፣ በባንክ ምንዛሪ ሲሰላ አንድ ግራም ወርቅ 30 በመቶ ያህል ተወደደ። የ21 ካራት ግራም ለማስላት የአውንሱን ዋጋ ለ31.1 አካፍል፣ በ0.875 አባዛ፣ ከዚያ በምንዛሪው አባዛ። ቻርቱ የሚሰጥህ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው፤ ምንዛሪውንና የሠሪውን ዋጋ ለየብቻ ጠይቅ።