ፀጉርሽ ተበላሽቶ ለሳሎኑ ስትጽፊ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሁለት ወር በፊት አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ሳሎን ገብቼ ፀጉሬን ተቆረጥኩ። ቅዳሜ ነበር፣ ወረፋው እስከ በሩ። ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰኞ ታጥቤ መስታወት ፊት ስቆም ግን ግራና ቀኙ አንድ አይደለም። ለሳሎኑ በቴሌግራም ጻፍኩላቸው፣ ረቡዕም አስተካከሉልኝ። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ ተመሳሳይ ነገር ሲገጥማቸው ይጠይቁኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልመልስ። እህቴ ፀጉር ሰሪ ስለሆነች የሙያውን ነገር እሷን ጠይቄ ነው የጻፍኩት።

«ወንበሩ ላይ እያለሁ ካልተናገርኩ በኋላ መናገር አይገባኝም። አይቼው፣ ከፍዬ ነው የወጣሁት።»

ያየሽው እኮ በፎን የተዘረጋውን ፀጉር ነው። የእኛ ፀጉር አብዛኛው ጥቅልል ያለ ነው። ፎን ሲደረግ ይረዝማል፣ ሲታጠብና በራሱ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የሚሰበሰበው ደግሞ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፤ የግንባር ዳር ፀጉርሽ ለስላሳ ሆኖ የኋላው ጠንከር ያለ ጥቅልል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፎን ተደርጎ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ፀጉር ከታጠበ በኋላ ደረጃ ደረጃ ሊሠራ ይችላል።

ሌላም አለ። ጆሮ ላይ ያለው ፀጉር በማበጠሪያ ጠበቅ ተደርጎ ተስቦ ከተቆረጠ፣ ሲለቀቅ ወደ ላይ ይዘላል፤ እዚያ ቦታ ላይ የተበላ የሚመስል ጉድለት የሚታየው ለዚህ ነው። እግርሽን አጣምረሽ ከተቀመጥሽ ወይም ስልክ እያየሽ አንገትሽን ዘንበል ካደረግሽም ትከሻሽ እኩል አይሆንም፣ ቁርጡም አብሮ ይዛነፋል። ይሄ ሁሉ ወንበሩ ላይ አይታይም። አንዴ ታጠቢ፣ ሳትስቢው ይድረቅ፣ ከዚያ እይው። የተበላሸ ከመሰለሽ በዚያው ሳምንት ጻፊ። ወር ካለፈ ግን ፀጉሩ አድጎ ምን ከቁርጡ፣ ምን ከእድገቱ እንደመጣ መለየት ይከብዳል።

«በጨዋነት መጻፍ ከፈለግኩ "ትንሽ ቅር ብሎኛል" ማለት ይበቃል፣ እነሱ ይገባቸዋል።»

አይገባቸውም። ይሉኝታ ይዞን ችግሩን እናለሳልሰዋለን፣ እነሱም «ይቅርታ የኔ እህት፣ በሚቀጥለው እናስተካክላለን» ብለው ይመልሳሉ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ጨዋነቱ አነጋገርሽ ላይ ይሁን። ችግሩ ግን በቦታና በልክ ይነገር። የቱ ጎን? በስንት ጣት? የጠየቅሽው ምን ነበር? አሁን የምትፈልጊው ምንድን ነው? እኔ የጻፍኩት ይሄ ነበር፦

«ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ መጥቼ ፀጉሬን የተቆረጥኩ ደንበኛችሁ ነኝ። የቆረጠችኝ መስኮቱ አጠገብ የምትሠራው እህት ናት፣ መስተንግዶዋ በጣም ጥሩ ነበር። የጠየቅኳት መሃል ተከፍሎ፣ ከአገጬ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያውን እኩል እንዲሆን ነው። ዛሬ ታጥቤ ሲደርቅ ሳየው የግራው ጎን ከቀኙ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከቀኝ ጆሮዬ ጀርባም አንድ ያጠረ ቦታ አለ። ፎቶዎቹን ከታች ልኬያለሁ። ከቅዳሜ ወዲህ መቀስ አልነካውም። ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንድታስተካክሉልኝ እጠይቃለሁ፤ እሷም ብትሆን ሌላ ባለሙያ ችግር የለውም። ነገ ወይም ረቡዕ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት መምጣት እችላለሁ። የትኛው ይመቻችኋል? አመሰግናለሁ።»

«መሃል ተከፍሎ» የሚለውን ዝም ብዬ አይደለም የጻፍኩት። በጎን ተከፍሎ የተቆረጠ ፀጉር መሃል ሲከፈል አንዱ ጎን መርዘሙ የማይቀር ነው። ያ የቆራጭ ስህተት አይደለም፣ ሳሎኑም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው። ቀኑን ደግሞ አስቢበት። ለቅዳሜ ወይም ለበዓል ዋዜማ ቀጠሮ ከጠየቅሽ በሰው መሃል ተጣድፈው ይሠሩሻል። ጠዋት፣ የሥራ ቀን፣ ሳሎኑ ጸጥ ሲል ይሻላል። ገንዘብ ይመለስልኝ የሚለውንም በመጀመሪያው መልእክት አላስገባሁም፤ የምፈልገው ፀጉሬ እንዲስተካከል ነበርና፣ ሁለቱን አንድ ላይ ስትጠይቂ ክርክሩ ስለ ብሩ ይሆናል።

«ጽሑፍ ምን ያደርጋል፣ አንድ ሰልፊ ብልክ ራሳቸው ያዩታል።»

የፊት ካሜራ ብዙ ስልክ ላይ ግራና ቀኝን እንደ መስታወት ይገለብጣል። አንቺ ግራው ረዝሟል ስትይ ፎቶው ቀኙን ያሳያል። ሰው በኋላ ካሜራ ያንሳሽ። ሦስት ፎቶ ይበቃል፦ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከተበላሸው ጎን። ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ አገጭሽን አታንሺ፣ ፀጉርሽ ፎን ያልተደረገ ይሁን። የፊቱን ስትነሺ ከሁለቱም ጎን አንዳንድ ዘለላ ወደ ፊት አምጥተሽ አገጭሽ ስር አገናኚያቸው። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፣ በማስመሪያም መለካት ይቻላል።

«እስከዚያው የረዘመውን ጎን ራሴ ትንሽ ልከርክመው። ወይ ሌላ ቦታ ላሠራውና ለእነሱ ልንገራቸው።»

እባክሽ አታድርጊው። ሁለተኛ መቀስ ከነካው በኋላ የትኛው ስህተት የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ ሳሎኑም «እኛ የቆረጥነው እንዲህ አልነበረም» ቢል እውነት አለው። ከዚያም በላይ፣ ለማስተካከል የሚያስፈልገው ያ የረዘመው ፀጉር ነው። ቤት ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር ልቀንስ ብለሽ 4 ከቆረጥሽ፣ አሁን ደግሞ ቀኙ ረዘመ ማለት ነው፣ እንዲህ እያለ ወደ ጆሮ ይወጣል። እስከ ቀጠሮሽ ድረስ አስይዥው ወይም ሻሽ አድርጊበት።

«ካስተካከሉልኝ መጀመሪያ የጠየቅኩትን ቁርጥ አገኛለሁ።»

ሁሌ አይደለም፣ ይሄን አውቀሽ ሂጂ። መቀስ ያሳጥራል እንጂ አያስረዝምም፤ ልኩን የሚወስነው በጣም ያጠረው ቦታ ነው። ረቡዕ ስሄድ መጀመሪያ አጠቡኝ፣ መሃል ከፈሉት፣ ያለ ፎን አደረቁት። ያቺው ልጅ ነበረች፤ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ እኔም ከልቤ ይቅር አልኳት። የግራውን ጎን ወደ ቀኙ ልክ አመጣችው፣ ጥሩ ሆነ። ከጆሮዬ ጀርባ ያለው ግን 2 ሳንቲ ሜትር ያጠረ ነበር። ሁለት ምርጫ ሰጠችኝ፦ ዙሪያውን ሁሉ በዚያ አጭር ቦታ ልክ ማሳጠር፣ ወይም ዳር ዳሩን ትንሽ አለሳልሳ እንዲያድግ መተው። ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋልና፣ አገጬ ላይ ከሚቀር ብዬ መተውን መረጥኩ። አልከፈልኩም። አሁን ሁለት ወር ሆነው፣ ያ ቦታ ወርዶ ያኔ ሌላው የነበረበት ልክ ላይ ሊደርስ ነው፤ ሌላውም አብሮ ስላደገ ግን እኩል የሚሆነው ጫፉ ሲቆረጥ ነው። የሚቀጥለውን ጫፍ የምቆረጠው እዚያው እሷ ጋ ነው፣ ይሄኛውን ግን መጀመሪያ ታጥቤ፣ ፎን ሳላደርግ።