የታንከር ድብልቅ ጥያቄ ምንድን ነው?

አንድ ታንከር ጨዋማ ውሃ ይዟል። ከላይ ሌላ ጨዋማ ውሃ ይገባል፣ ከታች የተደባለቀው ይወጣል። ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም ጨው ይኖራል? ጥያቄው ይኸው ነው።

የሚጠየቀው ኮንሰንትሬሽን ስለሆነ ብዙ ተማሪ እኩልዮሹን በቀጥታ ለእሱ ሊጽፍ ይሞክራል። የሚሻለው ግን መጀመሪያ ለጨው ክብደት መጻፍ ነው። ግራም ይደመራል፣ ይቀነሳል፤ ኮንሰንትሬሽን ግን እንዲያ አይደመርም። በመጨረሻ ለውሃው መጠን ማካፈል ቀላል ነው።

በቁጥር እንየው። ታንከሩ 100 ሊትር ውሃ አለው፣ ውስጡ 2000 ግራም ጨው ሟሙቷል። በደቂቃ 4 ሊትር ይገባል፣ በእያንዳንዱ ሊትር 50 ግራም ጨው አለ። በደቂቃ 4 ሊትር ይወጣል። የጨውን ግራም A፣ ደቂቃውን t እንበል።

የሚገባው ጨው 50 × 4 = 200 ግራም በደቂቃ ነው። ስህተት የሚበዛው በሚወጣው ላይ ነው። የሚወጣው ውሃ ታንከሩ ውስጥ በዚያች ቅጽበት ያለው ድብልቅ ነው። ስለዚህ በሊትር 50 ግራም አይደለም፣ A/100 ነው። በ4 ሲባዛ A/25 ይሆናል።

```
dA/dt = 200 − A/25 = (5000 − A)/25
```

ሁለተኛውን አጻጻፍ ልብ በሉት። ጨው ወደ 5000 ግራም ይጓዛል፣ የሚቀረው ልዩነት ባነሰ ቁጥር ፍጥነቱም ይቀንሳል። ልዩነቱን B = 5000 − A ካልነው dB/dt = −B/25 ነው፤ መነሻው 3000 ስለሆነ፦

```
A = 5000 − 3000·e^(−t/25)
```

አሁን ፈትሹት። t = 0 ሲሆን 2000 ይሰጣል። ጊዜው ሲረዝም 5000 ይጠጋል፤ ይህም በሊትር 50 ግራም ነው፣ ልክ እንደሚገባው ውሃ። ከዚህ የሚያልፍ መልስ ካገኛችሁ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው። 4000 ግራም የሚሞላው መቼ ነው? 25·ln 3፣ ማለትም 27.5 ደቂቃ ገደማ ላይ።

በደቂቃ የሚወጣው 3 ሊትር ብቻ ቢሆንስ? ውሃው በየደቂቃው በ1 ሊትር ይጨምራል። ስለዚህ ማካፈያው 100 መሆኑ ቀርቶ 100 + t ይሆናል፦

```
dA/dt = 200 − 3A/(100 + t)
```

እዚህ ላይ ያ የልዩነት ዘዴ እንዳለ አይሠራም። 3A/(100 + t)ን ወደ ግራ ካዞርን በኋላ ሁለቱንም ወገን በ(100 + t)³ እናባዛለን፣ ይህ ኢንተግሬቲንግ ፋክተር ይባላል። ከዚያ ኢንተግሬት ስናደርገው፦

```
A = 50(100 + t) − 3·10⁹/(100 + t)³
```

የታንከሩ አቅም 150 ሊትር ከሆነ ይህ ቀመር የሚሠራው እስከ 50ኛው ደቂቃ ብቻ ነው። ያኔ ጨው 6611 ግራም ገደማ ይደርሳል፣ ለ150 ሲካፈል በሊትር 44 ግራም። ከዚያ በኋላ ውሃው ሞልቶ ስለሚፈስ ሌላ እኩልዮሽ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ የቆመው ታንከሩ ያለማቋረጥ በደንብ ይማሰላል በሚል ግምት ላይ ነው። ካልተማሰለ ከታች የሚወጣው ውሃ ከላይኛው ይለያል፣ ያን ጊዜ የሚወጣውን ጨው A ለውሃው መጠን በማካፈል ማግኘት አይቻልም።