ሲንቴቲክ ሎንግ ስቶክና ሪስክ ሪቨርሳል፦ የማርጅኑ ስሌት

ሲንቴቲክ ሎንግ ስቶክ አክሲዮኑን ሳይገዙ የአክሲዮን ባለቤትን ትርፍና ኪሳራ የሚያስገኝ የኦፕሽን አቋም ነው። ኮል አክሲዮንን አስቀድሞ በተወሰነ የመፈጸሚያ ዋጋ የመግዛት መብት ነው፤ ፑት ደግሞ የመሸጥ መብት። የመፈጸሚያ ዋጋቸውና የማብቂያ ቀናቸው አንድ የሆነ ኮል ይገዛል፣ ፑት ይሸጣል። የኮሉ መፈጸሚያ ከአክሲዮኑ የአሁኑ ዋጋ በላይ፣ የፑቱ ደግሞ በታች ሲሆን አቋሙ ሪስክ ሪቨርሳል ይባላል፤ በመካከላቸው ባለው ክልል ውሉ ካበቃ ሁለቱም ያለ ዋጋ ይቀራሉ።

ዘዴውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኒውዮርኩ ባለሀብት ራስል ሴጅ የወለድ ጣሪያን ለማለፍ ተጠቅሞበታል ይባላል። የፋይናንስ ምሁሩ ሃንስ ስቶል የኮልና የፑት ዋጋን ዝምድና በ1969 በጽሑፍ አስቀመጠ። የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ በ1973 ሲከፈት የሚሸጠው ኮል ብቻ ስለነበር፣ አቋሙን እዚያ መገንባት የተቻለው ፑት በ1977 ከተጨመረ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ማርጅኑ፣ ማለትም ደላላው ወደሚይዘው ማስያዣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አክሲዮኑ 100 ዶላር ሲሆን፣ የ6 ወር የ100 ዶላር ኮል 5፣ ፑቱ 4 ዶላር ነው እንበል። አንድ ውል 100 አክሲዮን ስለሚይዝ 500 ከፍለን 400 እንቀበላለን። በአሜሪካ መደበኛ ደንብ መሠረት ለተሸጠው ፑት የሚያዘው የፑቱ ወቅታዊ ዋጋና የአክሲዮኑ ዋጋ 20 በመቶ ድምር ነው፦ 400 እና 2,000፣ ማለትም 2,400 ዶላር። ከኪሳችን 2,500 ብናስገባ፣ የኮሉ ወጪና የፑቱ ገቢ ከተሰላ በኋላ በትክክል 2,400 ይቀራል። አክሲዮኑን በብድር የሚገዛ ሰው ግን ግማሹን፣ 5,000 ዶላር ያስይዛል።

ከ3 ወር በኋላ አክሲዮኑ 85 ገባ እንበል። ፑቱ 16፣ ኮሉ 1.50 ዶላር ሆኑ። የሚፈለገው ማርጅን አሁን 1,600 ሲደመር 1,700፣ ማለትም 3,300 ዶላር ነው። የኮሉ ቀሪ ዋጋ እንደ መያዣ ስለማይቆጠር ደላላው 900 ዶላር እንድንጨምር ይጠይቃል። በብድር የገዛው ሰው የራሱ ድርሻ 3,500 ሲሆን፣ ዝቅተኛው 25 በመቶ 2,125 ስለሆነ ማንም አይጠይቀውም። ሁለቱም የከሰሩት ተቀራራቢ ገንዘብ ነው፤ ጥያቄው ግን ቀድሞ የሚደርሰው ትንሽ ያስያዘው ዘንድ ነው። አቋሙን የሚይዝ ሰው ቢያንስ ደላላው የጠየቀውን ያህል ተጨማሪ ጥሬ ገንዘብ ለብቻው ማስቀመጥ አለበት ብዬ አምናለሁ።

በሪስክ ሪቨርሳል መነሻው ይቀላል። የ90 ዶላር ፑት በ1.50 ቢሸጥ፣ በአክሲዮኑና በመፈጸሚያው ዋጋ መካከል ያለው 10 ዶላር ስለሚቀነስ የሚያዘው 1,150 ነው። አክሲዮኑ ወደ 90 ሲጠጋ ግን ይህ ቅናሽ እየጠፋ የፑቱ ዋጋ ይጨምራል፤ ማርጅኑም ከሁለቱም አቅጣጫ ያድጋል።

የአሜሪካ የአክሲዮን ኦፕሽን ከማብቂያው በፊት ሊፈጸም ይችላል። አክሲዮኑ ከመፈጸሚያው ዋጋ በጣም ወርዶ የፑቱ የጊዜ ዋጋ ሲሟጠጥ፣ የገዛው ሰው አክሲዮኑን ሊያስረክበን ይችላል። በምሳሌያችን 10,000 ዶላር መክፈል ወይም የአክሲዮን ማርጅን ማሟላት ግዴታ ይሆናል፤ ኮሉ ግን በእጃችን ይቀራል። ምልክቱ ፑቱ በመፈጸሚያውና በገበያው ዋጋ ልዩነት ልክ ብቻ ሲገበያይ ነው፤ ያኔ ፑቱን መልሶ መግዛት ወይም ወደ ሩቅ ወር ማዛወር ይሻላል።