ሱኩክ ስትገዛ ንብረቱ በእርግጥ ያንተ ነው?
ቦንድ ስትገዛ ገንዘብ ታበድራለህ፣ ወለድ ይከፈልሃል፣ አለቀ። ሱኩክ ግን ወለድን በሚከለክለው የእስልምና ህግ መሰረት የሚሸጥ የኢንቨስትመንት ሰርተፍኬት ነው፣ እዚህ ላይ የንብረቱ ባለድርሻ ነህ ነው የሚባለው። የተለመደውን፣ በኪራይ ላይ የተመሰረተውን ኢጃራ ሱኩክ እንይ፣ አንድ ድርጅት 100 ሚሊዮን ዶላር ፈለገ እንበል፣ ህንፃውን ለዚሁ ስራ ብቻ ለተቋቋመ ኩባንያ ይሸጣል፣ ኩባንያው ሰርተፍኬት ለኢንቨስተሮች ሸጦ ይከፍለዋል፣ ከዛ ድርጅቱ ያንኑ ህንፃ ይከራያል፣ አንተም ከኪራዩ ድርሻህን ታገኛለህ (ኪራዩ ራሱ ብዙ ጊዜ የገበያ ወለድን ተከትሎ ነው የሚሰላው፣ ይገርማል)። መጨረሻ ላይ ድርጅቱ ህንፃውን መልሶ ይገዛና ዋናው ይመለስልሃል።

ድርጅቱ ቢከስርስ? ህንፃውን አሽጠህ ገንዘብህን ማውጣት የምትችለው ባለቤትነቱ በህግ በትክክል ከተዛወረ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ሱኩኮች ላይ ግን ያለህ መብት ድርጅቱን መልሰህ ግዛ ብሎ መጠየቅ ነው፣ እሱ ደሞ ገንዘብ ከሌለው ያው ከሌሎቹ አበዳሪዎች ጋር ትሰለፋለህ።