ፊፎ እና የተመዘነ አማካይ ምንድን ናቸው? የግዢ ዋጋ በናረበት ዓመት የትኛው ይሻላል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የ2017 የበጀት ዓመት ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያን ጊዜ መጋዘን ውስጥ የነበረው ዕቃ በአሮጌው ዋጋ የተገዛ ነው፤ ከዚያ በኋላ የገባው ደግሞ በየጊዜው እየተወደደ የመጣ። በዓመቱ መጨረሻ የሂሳብ ባለሙያው የሚጠብቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከተሸጠው ዕቃ ላይ የትኛው የግዢ ዋጋ ይቀነስ? መጋዘን ለቀረውስ የትኛው ይያዝለት?

ፊፎ የሚባለው ዘዴ ቀድሞ የገባው ዕቃ ቀድሞ እንደወጣ ይቆጥራል። የተሸጠው የቆየውን ዋጋ ይዞ ይሄዳል፣ የቀረው የቅርብ ጊዜውን ዋጋ ይይዛል። የተመዘነ አማካይ ግን የመጀመሪያውን ክምችትና የዓመቱን ግዢ በብር ደምሮ ለጠቅላላ ብዛቱ ያካፍላል፤ ለተሸጠውም ለቀረውም ያው አንድ ዋጋ ይሰጣል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ዋጋ እንጂ ዕቃው ከመደርደሪያ ስለሚነሣበት ቅደም ተከተል አይደለም። የጎማ ነጋዴ የምርት ጊዜው የቆየውን ጎማ አስቀድሞ ቢሸጥ ይበጀዋል፤ መዝገቡን በአማካይ ከመያዝ ግን ይህ አያግደውም።

ጎማ ካነሣን አይቀር፣ የአንድ አስመጪ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሂሳብ እንደሚከተለው ነው እንበል። ዓመቱን የጀመረው እያንዳንዳቸው 6,000 ብር በወጣባቸው 100 ጎማዎች ነው። በጥቅምት 200 ጎማ በ8,000 ብር፣ በመጋቢት ሌላ 200 በ10,000 ብር አስገባ። ባጠቃላይ 500 ጎማ፣ 4,200,000 ብር። ከዚህ ውስጥ 350ውን እያንዳንዳቸውን በ11,000 ብር ሸጦ 3,850,000 ብር አገኘ፤ 150 ጎማ ቀረው።

በፊፎ ከተሄደ፣ የተሸጡት 350 ጎማዎች 100ው በ6,000፣ 200ው በ8,000፣ የቀሩት 50 በ10,000 ብር ይሰላሉ። የተሸጠው ዕቃ ወጪ 2,700,000 ብር፣ ያልተጣራው ትርፍ 1,150,000 ብር ይሆናል። መጋዘን ያለው በሙሉ በ10,000 ብር ስለሚያዝ 1,500,000 ብር ያወጣል። በአማካይ ከሆነ የአንዱ ጎማ ዋጋ 8,400 ብር ነው፤ ወጪው ወደ 2,940,000 ያድጋል፣ ትርፉ ወደ 910,000 ይወርዳል፣ ክምችቱ 1,260,000 ብር ይሆናል። የትርፉ ልዩነት 240,000 ብር ነው። አንድም ተጨማሪ ጎማ አልተሸጠም፤ ካዝና የገባው ገንዘብም ያው ነው።

ነገሩ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። የማኅበሩ ግብር 30 በመቶ ነው። ኪራይና ደመወዝን ለጊዜው ትተን ብናሰላ፣ በፊፎ 345,000 ብር፣ በአማካይ 273,000 ብር ይከፈላል። አሁን ነጋዴው የሸጣቸውን 350 ጎማዎች መልሶ ልግዛ ቢል በመጨረሻው ዋጋ 3,500,000 ብር ያስፈልገዋል። ከሽያጩ የሚተርፈው 350,000 ብር ብቻ ነው። በፊፎ ግብሩን ከፍሎ 5,000 ብር ይቀረዋል፤ መዝገቡ ግን ከሚሊዮን በላይ አተረፍህ ይለዋል። ባለአክሲዮኖች ያንን ቁጥር አይተው ትርፍ እንካፈል ካሉ የሚከፋፈሉት የጎማ መግዣውን ነው። አማካይ ይህን ችግር ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በእርሱም ቢሆን የሚተርፈው 77,000 ብር ነው።

ታዲያ በአማካይ ምክንያት የቀነሰው 72,000 ብር ግብር ለዘለቄታው የቀረ እንዳይመስለን። በሚቀጥለው ዓመት እነዚያ 150 ጎማዎች ሲሸጡ ፊፎ የተጠቀመው 10,000 ብር ወጪ ይቀንስላቸዋል፣ አማካይ የተጠቀመው ግን ከ8,400 ብር የጀመረ ነው። ክምችቱ አልቆ ቢዘጋ የሁለቱ ጠቅላላ ትርፍ እኩል ይሆናል። ጥቅሙ ግብሩን ማቆየቱ ነው፤ ዋጋ እየጨመረና መጋዘኑም ሳይራቆት እስከቀጠለ ድረስ ሊቆይ ይችላል። ገንዘብ በሚረክስበት አገር ማቆየት ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ነገር አለ። «አማካይ» ሲባል የትኛው አማካይ? ከላይ ያሰላነው በዓመቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራው ነው። ብዙ የሂሳብ ሶፍትዌሮች የሚሠሩት ግን አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር የሚታደሰውን ተንቀሳቃሽ አማካይ ነው። ነጋዴው 80 ጎማ ከጥቅምት በፊት፣ 170 ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ 100 ከዚያ በኋላ ሸጧል ብንል፣ ርካሾቹ ውድ ዕቃ ሳይቀላቀልባቸው አብዛኛዎቹ ወጥተዋል። አማካዩ ከጥቅምቱ ግዢ በኋላ 7,818 ብር፣ ከመጋቢቱ በኋላ ወደ 9,564 ብር ይደርሳል፤ የዓመቱ ወጪ 2,765,000 ብር ገደማ ይሆናል። ይህ ከፊፎው 2,700,000 ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ክምችቱ ቶሎ ቶሎ ለሚያልቅበት ነጋዴ በፊፎና በተንቀሳቃሽ አማካይ መካከል መጨነቅ ያን ያህል አያስፈልግም። የልዩነቱ ስፋት የሚታወቀው ዕቃው መጋዘን በሚቆይበት ጊዜና በዓመት መጨረሻው አማካይ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ፊፎም አማካይም፣ ሁለቱም የአማካይ ዓይነቶች ጭምር፣ ይፈቀዳሉ። መጨረሻ የገባው ቀድሞ ይወጣል የሚለው ዘዴ ግን አይፈቀድም። ተመሳሳይ ጠባይና አገልግሎት ላለው ዕቃ አንድ ዘዴ ብቻ መያዝ ግዴታ ነው፤ የአዲስ አበባውን መጋዘን በፊፎ፣ የሐዋሳውን በአማካይ ማድረግ አይቻልም። ዋጋ ሲጨምር አማካይ፣ ሲረጋጋ ፊፎ እያሉ መገላበጥም እንዲሁ። ለውጥ የሚፈቀደው አዲሱ ዘዴ ይበልጥ ተአማኒና ጠቃሚ መረጃ እንደሚሰጥ ማሳየት ሲቻል ነው፤ ያኔም ያለፉት ዓመታት ቁጥሮች ወደኋላ ተመልሰው ይስተካከላሉ።

በእኔ እይታ፣ እንደ አርማታ ብረት ወይም እህል ተቀላቅሎ ለሚቀመጥና የትኛው መቼ እንደመጣ ለማይለይ ዕቃ አማካይ የሚስማማ ነው። መድኃኒትን በመሰለ፣ በገባበት ዙርና ማብቂያ ቀን ተለይቶ በሚያዝ ዕቃ ግን ፊፎ ከአሠራሩ ጋር ይገጥማል። ባንክ ብድር ሲጠየቅ በፊፎ የተያዘ ክምችት ሚዛን መዝገቡን ያሳምረዋል፤ ዋጋው በድንገት ቢወርድ ግን ያ 10,000 ብር ከሚሸጥበት በላይ ሆኖ ልዩነቱን በኪሳራ መመዝገብ ሊያስገድድ ይችላል። የመሸጫ ዋጋን ለመወሰን ግን ሁለቱንም አልመክርም። 8,400 ብር ወጥቶብኛል ብሎ በ9,500 የሚሸጥ ሰው በመዝገብ ያተርፋል፣ በሚቀጥለው ግዢ ግን ጎማው ያንስበታል።

ስሌቱ ትክክል መሆኑን ለማየት ስቶክ ካርዱንና የመጨረሻዎቹን ደረሰኞች ማስተያየት ይበቃል። በፊፎ የቀረው ዕቃ ነጠላ ዋጋ ጉምሩክና ትራንስፖርት ከተጨመረበት ከመጨረሻው ግዢ ጋር መግጠም አለበት፤ የቀረው ከመጨረሻው ግዢ ብዛት በላይ ከሆነ የበለጠው ዕቃ ዋጋ ከቀደመው ግዢ ይወሰዳል። በአማካይ ደግሞ የተለመደው ስሕተት ብዛቱን ረስቶ ዋጋዎቹን ብቻ ማካፈል ነው፦ 6,000፣ 8,000ና 10,000 ተደምረው ለሦስት ሲካፈሉ 8,000 ብር ይመጣል። ትክክለኛው 8,400 ስለሆነ የ150ው ጎማ ክምችት ብቻ በ60,000 ብር አንሶ ይመዘገባል።