ዲቪዲን «ሪፕ ማድረግ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ፊልሜን ሪፕ ሳደርገው የእንግሊዝኛው ሰብታይትል ጠፋ፣ ሪፕ ማድረግ ጥራት ይገድላል» ብሎ ጻፈ። ወንድሜ፣ ሪፕ ማድረግ ምንም አልገደለብህም። የጠፋው ከዚያ በኋላ ባደረግከው ነገር ነው።

ሪፕ ማድረግ ዲስኩ ላይ ያለውን ምስል፣ ድምፅና ሰብታይትል እንዳለ ወደ ፋይል ማውጣት ነው። ጠላን ከጋን ወደ ጀሪካን እንደ መገልበጥ ቁጠረው፣ ጠላው ያው ጠላ ነው። MakeMKV የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራው ይሄንን ነው። HandBrake የሚባለው ግን ፊልሙን እንደገና ይጨምቃል፣ ያንን ጠላ አረቄ ያወጣዋል፤ ፋይሉ በጣም ያንሳል፣ ከአረቄው ግን ጠላውን መልሰህ አታገኝም። ስለዚህ አረቄውን ቀምሰህ ሳታረጋግጥ ጀሪካኑን አትድፋ።

አሁን ወደ ሰብታይትሉ። ብዙ ሰው ጽሑፍ ይመስለዋል። ዲቪዲ ላይ ግን በፊልሙ ላይ የሚደረብ ትንሽ ሥዕል ነው፤ እንደ ጽሑፍ ፋይል ከፍተህ ማረም የማትችለው ለዚህ ነው። ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ ግን ሥዕሉን እያዩ ፊደል የሚገምቱ ናቸውና ውጤቱን መስመር በመስመር ማንበብ አለብህ።

አሜሪካ ለሚያድጉ ልጆች የተገዛ የአማርኛ ፊልም እንውሰድ። ድምፁ አማርኛ፣ ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ። HandBrake ላይ ፎርማቱን MKV አድርግ፣ ምክንያቱም MP4 ውስጥ የገባ የሥዕል ሰብታይትል ብዙ ማጫወቻ ላይ አይታይም። Subtitles ውስጥ ገብተህ እንግሊዝኛውን ራስህ ጨምር። Burned In የሚለውን ግን አትምረጥ፤ እሱ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር ያጣብቀዋል፣ አያትም ያለ ሰብታይትል ልይ ብትል ማጥፊያ የለውም። የሚጠቅመው ቴሌቪዥንህ የሥዕል ሰብታይትል ካላነበበ ብቻ ነው፣ ያኔም ሌላ ኮፒ ሥራ።

ለድምፁ AC3 Passthru ምረጥ፣ ሳይነካ ያልፋል። በሴኮንድ 192 ኪሎቢት የሆነ ስቴሪዮ ለሁለት ሰዓት ፊልም 170 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ይህችን ለመቆጠብ ድምፁን እንደገና መጭመቅ ምን ያደርጋል? ስልክህ ላይ ምስሉ እየሄደ ድምፅ ከሌለ ስልኩ AC3 የሚባለውን የድምፅ ፎርማት አያውቅም ማለት ነው፣ ሁለተኛ የድምፅ ትራክ በ AAC ፎርማት ጨምርለት። ለምስሉ ጥራት RF የሚለውን 20 ላይ ማድረግ ይበቃል። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከተሰነጣጠቀ Filters ውስጥ ዲኢንተርሌስ አብራ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዲስኩን VLC ላይ ክፈትና ሰብታይትሉን ለማጥፋት ሞክር። እምቢ ካለ ፊልሙን ያቀናበረው ሰው ቀድሞ ምስሉ ላይ አጣብቆታል፣ የምታወጣው ትራክ የለም።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። የገዛኸው ዲስክ ቢሆንም የኮፒ መከላከያውን መስበር አሜሪካን ጨምሮ በብዙ አገር ሕግ ይከለክላል፤ የምትኖርበትን አገር ሕግ እይ። የራስህ የሠርግ ዲቪዲ ላይ አብዛኛውን ጊዜ መከላከያ የለም፣ ግን ኮምፒውተር ላይ ራይት የተደረገ ዲስክ ቶሎ ያረጃል፣ እሱን አስቀድመው።